ያላግባብ የተነፋ ፊሽካ

የስፖርት መምህር ነኝ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ሆዴን፣ ቀጥሎ ፊቴን ያያል፤ ከዚያ በትሕትና "ድሮ ነው ወይስ አሁንም?" ይለኛል። አሁንም ነው። በወጣትነቴ እግር ኳስ ተጫውቻለሁ፤ ማለትም ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብዙ ጨዋታ ከቅርብ አይቻለሁ።

ርዕሰ መምህርታችን አንድ ጠዋት ቢሮዋ ጠራችኝ።

"መምህር፣ በዚህ ወር ለሰባተኛ ክፍል እጅ ኳስ ይሰጣል። አምስት ክፍለ ጊዜ አለህ። ልጆቹ አንድም ቀን ተጫውተው አያውቁም። አንተ ግን ታውቀዋለህ አይደል?"

"እንዴታ!" አልኩ። እጅንም አውቃለሁ፣ ኳስንም አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ እንደማላውቅ መናገሩ ግን ከበደኝ።

ማታ ማታ ሕጉን ማንበብ ያዝኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ያነበብኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለማውረድ ቆርጬ ገባሁ። ሰሌዳውን በቀስትና በክብ ሞላሁት። አንድ ቡድን በረኛውን ጨምሮ ሰባት ሰው፣ ከጉልበት በታች ኳስ መንካት ክልክል፣ ይሄኛው መስመር ይሄ፣ ያኛው ያ... ደወል ሲደወል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ነገር ካላጣራች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ጓደኞቿ "ጠበቃ" ነው የሚሏት።

"ቲቸር፣ ኳሱስ?"

ኳሱ ጠረጴዛ ሥር ነበር። ማንም አልነካውም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። የምትሠራው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የተምታታ ሰው ቀኑን ሙሉ ስታይ ስለምትውል በእኔ አትደነቅም።

"ዋና ለማያውቅ ሰው ስለ ውኃ ስታወራለት ዋልክ ማለት ነው" አለችኝ። "አንድ ሕግ ንገራቸው፣ አጫውታቸው። ከዚያ ሌላውን ጨምርላቸው። አንተ ራስህ ዕቃ ግዛ ስልህ ከሁለት በላይ ከነገርኩህ አንዱን ትረሳለህ አይደል?"

እውነቷን ነው።

ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሜዳው ላይ መስመር ለማስመር ማልጄ ሄድኩ። ሦስት ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ግቦች አሉን። የስድስት ሜትር ገመዴን ከግቡ መሃል ያዝኩና በኖራ ግማሽ ክብ አዞርኩ። ወገቤን ይዤ ሳደንቀው የሒሳብ መምህሩ አጠገቤ ቆመ።

"ምንድን ነው?"

"የበረኛው ክልል። ከስድስት ሜትር ቀርቦ መወርወር የለም።"

"ከመሃል እኮ ነው የለካኸው። ጥጉ ላይ የቆመ ልጅ ለምሰሶው አራት ሜትር ተኩል ብቻ ይርቃል።"

እሱ ስለ እጅ ኳስ ምንም አያውቅም፤ ሜትር ግን ያውቃል። ወደ ሕጉ ስመለስ የቸኮልኩበትን ቦታ አገኘሁት። ገመዱን አንዴ ከአንዱ ምሰሶ፣ አንዴ ከሌላው ይዘን ሩብ ሩብ ክብ አሰመርን፤ ሁለቱን በሦስት ሜትር ቀጥ ያለ መስመር አገናኘናቸው። የመጀመሪያውን በእግሬ እያሻሸሁ አጠፋሁት። ጫማዬ ሳምንቱን ሙሉ ነጭ ሆኖ ሰነበተ።

ያን ቀን አንድ ሕግ ብቻ አስተማርኩ፤ ኳስ ይዞ ከሦስት እርምጃ በላይ መሄድና ከሦስት ሰከንድ በላይ መያዝ አይቻልም። "እንደዚህ!" ብዬ ኳሱን ይዤ ተነሳሁ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ቆጠሩልኝ። "አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት! አምስት!" የእኔ ሰውነት እንደ ተጫነ መኪና ነው፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላም ይሄዳል። ቢሆንም ስህተቱን ከእኔ የተሻለ ማንም ሊያሳያቸው ባልቻለ ነበር። ከዚያ በኋላ አራተኛ እርምጃ ባዩ ቁጥር "እንደ ቲቸር!" እያሉ ይጮኻሉ።

በሦስተኛው ቀን ግብ ማስቆጠርን ጨመርኩ። ጠበቃ ወዲያው ጠየቀች፤ "ከሩቅ ከሆነ ስንት ነው? ቅርጫት ኳስ ላይ ሦስት አለ።"

"ከሩቅም ከቅርብም አንድ ነው። ኳሱ ግን በምሰሶዎቹ መሃል መስመሩን ሙሉ በሙሉ ማለፍ አለበት። ከዚያ የተቆጠረበት ቡድን ከመሃል ይጀምራል።"

"ክልሉን ብረግጥስ?"

"ረግጠሽ ከወረወርሽ አይቆጠርም። ከውጭ ዘለሽ፣ መሬት ሳትነኪ አየር ላይ ሆነሽ ኳሱን ከለቀቅሽ ግን ይቆጠራል። ወርውረሽ ውስጥ ብትወድቂም ችግር የለውም።"

ልጅቷ እስከ ደወል ስትዘል ዋለች።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ግጥሚያ አደረግን። የሒሳብ መምህሩ ውጤት ያዥ፣ እኔ ዳኛ። አንገቴን ቀና አድርጌ ፊሽካዬን ነከስኩ። ሁሉም ደህና እየሄደ ነበር። የጠበቃ ቡድን አራት ለአምስት እየተመራ ሳለ ኳሱ ለእሷ ደረሳት። ሦስት እርምጃ ሮጠች፣ ከመስመሩ ውጭ ተነስታ ዘለለች፣ ከፊቷ ከበረኛው በቀር ማንም የለም። ዓይኔ እግሯ ላይ ነበር። መስመሩን አልፎ ክልሉ ላይ ሲንሳፈፍ አየሁና ነፋሁ። ኳሱ ከእጇ ወጥቶ ገና አየር ላይ ነበር፤ ከዚያ መረቡ ውስጥ ገባ። እሷም ቀስ ብላ መሬት ላይ ወረደች።

ተነስታ ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?"

"ክልሉን..." ብዬ ጀመርኩ። ምንም አላጠፋችም። ያስተማርኳትን አንድ በአንድ ፈጽማዋለች።

"ይቆጠር!" አሉ የእሷ ቡድን ልጆች።

"ተነፍቷል፣ ተነፍቷል!" አሉ እነዚያ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ እነዚያም ልክ ናቸው። ኳሱ መስመሩን ከማለፉ በፊት ፊሽካ ከተነፋ ግብ የለም። ማታ ሳነብ ስቄ ያለፍኩት ሕግ ትዝ አለኝ፤ ያለቀለት የግብ ዕድል ላይ ያላግባብ ፊሽካ ከተነፋ የሰባት ሜትር ውርወራ ይሰጣል። ይህን የጻፉት ሰዎች እኔን የት ያውቁኛል?

"ስሙ" አልኳቸው። "እሷ ልክ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ ነፋሁ። ግቡን መስጠት አልችልም። ሰባት ሜትር ላይ ቆማ በረኛውን ለብቻው ትገጥመዋለች።"

"እርስዎ አጥፍተው እኔ ልድገም?" አለች።

"አዎ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ሰባት ሜትሩ ላይ ቆመች። ነፋሁ፤ በዚህኛው እንኳ አልተሳሳትኩም። ወረወረች፤ በረኛው ደንግጦ እግሩን ሲያነሳ ኳሱ ቅልጥሙ ላይ ነጥሮ ወጣ።

"በእግሩ ነካ! በእግሩ!" ሜዳው ተናወጠ።

"በረኛ በክልሉ ውስጥ ሲከላከል በእግሩም ይችላል" አልኩ። ያንን እንዳስተማርኳቸው እርግጠኛ አልነበርኩም። በኋላ ሳጣራ የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከአርባ ነገር መሃል።

አምስት ለአራት አለቀ። ጠበቃ እጄን ጨብጣኝ "ቲቸር፣ እነሱ አላሸነፉንም፤ እርስዎ ነዎት" ብላኝ ሄደች።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ፊሽካውን ለልጆቹ በተራ ሰጠኋቸው፤ ከእኔ ብሰው አያጠፉም ብዬ ነው። አንድ ሰው ስለጎደለ እኔ በረኛ ሆንኩ። ጠበቃ ከሩቅ ወረወረች፤ ኳሱን ሆዴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ልጆቹ አጨበጨቡ። በደስታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስል ከነኳሱ መረቡ ውስጥ ተቀመጥኩ። የተራዋ ዳኛ ሁለቴ በአጭሩ ነፍታ መሃሉን አሳየች። ግብ! ትክክል ናት።

ማታ ባለቤቴ ትከሻዬን ቅባት እያሸችልኝ "ተጫወትክ እንዴ? አገባህ?" አለችኝ።

"አንድ" አልኳት።

"ለማን?" አለች። ሃያ ዓመት አብራኝ ኖራለች።