የአሰበች የጥቅምት እቁብ

አሰበች ሽንፋ ወንዝ ዳር ባለው በጋሽ ትዕዛዙ የሰሊጥ እርሻ ላይ ዘጠኝ ዓመት ለሠራተኞች ስታበስል ኖራለች። ጋሽ ትዕዛዙ ሠራተኛውን በጉልበቱ ያውቁታል፤ እሷ በኪሱ ታውቀዋለች። ሐምሌ ላይ ለአረም ሲመጣ ኪሱ ባዶ ነው። አጨዳው አልቆ ሒሳቡን ሲቀበል ግን በእርሻ ልብሱ አገሩ መግባት ሞቱ ነው፤ አዲስ ጃኬት ሳይለብስ እናቱ ደጅ አይደርስም። ያን ጃኬት የምሸጠው እኔ ብሆን ከጭስ እገላገላለሁ ብላ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚጣል፣ አሥር ሰው ያለበት እቁብ ገባች።

የሁሉም ተራ በመጀመሪያው ቀን በዕጣ ወጣ። ለአሰበች ሦስተኛ ደረሳት፤ ነሐሴ መግቢያ ማለት ነው። ሌላው እልል ሲልላት እሷ ፊቷ ጠቆረ። በነሐሴ ጃኬት ማን ይገዛል? ብሩ እስከ ጥቅምት ይቀመጥ ቢባልስ? ዘመድ ይታመማል፣ ጣራ ያፈሳል፣ ብር እንዳላት የሰማ ሁሉ ለብድር ይመጣል። የጥቅምት አጋማሹ ስምንተኛ ተራ የወጣው ደግሞ የአረም ደመወዝ ላጠራቸው ለጋሽ ትዕዛዙ ነበር።

«ጋሼ፣ ተራ እንለዋወጥ» አለቻቸው።

የእቁቡ ዳኛ ዘሀቢያ ሳቀች። «አሞሻል እንዴ? ብር መጣ ሲሏት ወደ ኋላ የምትል ሴት አይቼ አላውቅም!»

ቢሆንም ሁለቱ ከተስማሙ ምን ገዷት፤ ዋሶቻቸውን አስፈርማ ተራውን አዛወረችው።

ጥቅምት ላይ አሰበች ብሩን ይዛ ጎንደር ወጣች። ሠላሳ ጃኬት ጭና ተመለሰችና መንገድ ዳር ሸራ ወጥራ ሰቀለች። ሳምንት ሙሉ አንድም አልተሸጠም። ሸጋው የሚባል የጎጃም ልጅ ብቻ በቀን ሦስቴ እየመጣ ሰማያዊውን ይለብሳል፣ ያወልቃል።

«ሳትገዛው ልትጨርሰው ነው እኮ!» አለችው።

«ምን ላድርግ እታለም፣ ሰሊጡ ታጭዶ ተራግፏል፤ ሒሳባችን ግን አልተሰጠንም። ጋሽ ትዕዛዙ ዋጋው እስኪጨምር ብለው መጋዘኑን ቆልፈውበታል።»

አሰበች ክው አለች። ልጆቹ መጠበቁ ሰልችቷቸው ተበድረው ከሄዱ፣ እሷ በዚህ የቆላ ፀሐይ ሠላሳ ጃኬት ታቅፋ መቅረቷ ነው፤ የእቁቡ ቀሪ ሁለት መዋጮም አለባት። ሸራዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ እርሻ ሄደች።

«ጋሼ፣ በነሐሴ ተራዬን ባልሰጥዎ ሰሊጡን አረም ውጦት ነበር። ለሒሳባቸው የሚበቃውን ያህል ይሽጡና ልጆቹን ያሰናብቱ። የቀረውን ከፈለጉ እስከ ፋሲካ ይቆልፉበት።»

ጋሽ ትዕዛዙ አጉረመረሙ፣ በከዘራቸው መሬቱን ወጋ ወጋ አደረጉ፤ ነገሩ ግን እውነት ሆነባቸው። በማግስቱ ሸጠው ከፈሉ።

ሸጋው ሰማያዊውን ገዝቶ እዚያው ለበሰ፣ ዚፑንም እስከ አገጩ ዘጋ። ላቡ በፊቱ ላይ እየወረደ «ደጋ ሳልደርስ አላወልቃትም!» አለ። በሦስት ቀን አንድ ጃኬት ብቻ ቀረ። አሰበች ደስታዋን የምታደርግበት ጠፍቷት ባዶውን ገመድ ደጋግማ ታያለች።

ጋሽ ትዕዛዙ ብቅ አሉ። «እስቲ ያንን ለኔ ስጪኝ። ለከርሞስ ማን ሊያበስልልኝ ነው?»

«ለማብሰሉ ሌላ ሰው ይፈልጉ ጋሼ» አለች፣ ጃኬቱን ከገመዱ አውርዳ እያጠፈች። «ይኼንንም ዛሬ አልሸጠውም። ዋጋው እስኪጨምር ቆልፌበታለሁ።»