ከዘገባዬ የሰረዝኩት አንቀጽ

የሰፈራችን ማኅበር ዝግጅቶቹን እየቀረጸ ዩቲዩብ ላይ መጫን ከጀመረ ወዲህ፣ በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ዘገባ የማቀርበው በጎ ፈቃደኛ እኔ ነኝ። ዘገባው የተጫኑት ቪዲዮዎች እንዴት እንደታዩና ቀጥሎ ምን ቢቀረጽ እንደሚሻል ይናገራል። ካሜራ በውሰት የምናገኘው በሦስት ወር አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ክፍል ሁልጊዜ ያከራክራል።

በዚያ ጊዜ ምርጫው በዓመታዊው ግብዣና በአንድ አዛውንት ሸማኔ መካከል ነበር። እኚህ ሰው ሽሮ ሜዳ ላይ ሲሠሩ ነው የኖሩት። ማኅበሩ ባዘጋጀው ባዛር ላይ፣ ዛሬ ከእሳቸው በቀር የሚሠራው የሌለ የድሮ ጥለት ሲጀምሩ ቀርጸናቸው ነበር፤ ነገር ግን ቀኑ መሸብንና ጥለቱ ሳያልቅ ቀረ፤ የተቀረጸውን ያህል ዩቲዩብ ላይ ጫንን። ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ ከፋሲካ በኋላ ሥራ አቁመው ጋሞ፣ ትውልድ አገራቸው ሊገቡ ወስነዋል። ቀሪው አሁን ካልተቀረጸ አብሯቸው መሄዱ ነው።

መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ልጄ፣ የእኔን ቪዲዮ ሰው አየው?»

አኃዙን ስመለከት እምብዛም አልታየም። ከሁሉም ቪዲዮዎች ያነሰ ጊዜ የተከፈተው የእሳቸው ነው፤ የከፈቱትም እስከ መጨረሻው አልቆዩም። የተመልካቹን ቆይታ የሚያሳየው መስመር መሐል ላይ ጉብ ብሎ ይነሣል፤ እኔ ግን ስሕተት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። «ተመልካቹ አነስተኛ በመሆኑ የቀረው ክፍል ለጊዜው ይቆይ» ብዬም ጻፍኩ። ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት በማለት፣ ከስብሰባው በፊት ወረቀቱን ይዤ ወደ ሥራ ቦታቸው ሄድኩ።

በሩ ላይ ስደርስ ሽመናው ቆሟል። አንድ የእጅ ስልክ ምሰሶው ላይ ተደግፎ ቆሞ፣ ወጣቶቹ ሸማኔዎች ዙሪያውን ከበውታል። በስልኩ ላይ የሚታዩት የሽማግሌው እጆች ናቸው።

«መልሰው፣ መልሰው። ክሩን ሲያነሱ አልፈኸዋል።»

«እኔ አላለፍኩም። አንተ ነህ እያወራህ ያልቆጠርከው።»

ሽማግሌው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስልክ ይጠይቃሉ» አሉኝ።

«ምን እናድርግ አባባ፣ እርስዎ ይቆጣሉ» አለ ባለ ስልኩ። «ስልኩ መቶ ጊዜ ብንመልሰው አይቆጣም።»

ቪዲዮውን ሁሉም በየስልኩ ይከፍተው እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አይ እትዬ፣ ዳታ ያለኝ እኔ ነኝ። እዚህ በእኔ ስልክ ነው የምናየው። ማዶ ያሉት ሸማኔዎች ደግሞ ወደ ስልካቸው ገልብጠው ወስደዋል።»

የሚመልሱት የትኛውን ቦታ እንደሆነ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ጣቱን ያሳረፈበትን ደቂቃ ከወረቀቴ ጋር አስተያየሁት፤ መስመሩ ጉብ ያለበት፣ ተመላልሶ የታየው ቦታ ነበር።

«ታዲያ ሰው አየው?» አሉ ሽማግሌው።

«አይተውታል ጋሼ» አልኳቸው። «አቆጣጠሬ ነው የተሳሳተው።»

ቤቴ ስገባ አንቀጹን ሰርዤ ሌላ ጻፍኩ። አኃዙ የሚነግረን ቪዲዮው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ እንጂ በአንድ ስልክ ዙሪያ ስንት ሰው እንደተቀመጠ አይደለም፤ ከስልክ ወደ ስልክ የተገለበጠውንማ ከነጭራሹ አያውቀውም። ስለዚህ ቀጣዩ ቀረጻ የጥለቱ ቀሪ ክፍል ይሁን አልኩ። ካሜራው ከሽማግሌው እጆች በላይ ይቁም፤ ሙዚቃም፣ ሰው እየዘለለ የሚያልፈው የመክፈቻ ንግግርም አይግባበት።

በስብሰባው ላይ ሊቀመንበራችን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የመክፈቻ ንግግሩን ሁልጊዜ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው።

«የእኔን ንግግር እስከ መጨረሻው ያየ የለም ማለት ነው?»

«አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም» አለቻቸው ጸሐፊዋ።

«ማን ይሆን?»

«እርስዎ ነዎታ።»

ከሁሉም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ግብዣውን ማንም በስልኩ ያነሣዋል ብለው፣ ካሜራው ሽሮ ሜዳ እንዲሄድ የመጀመሪያውን እጅ አወጡ።

የቀረጻው ዕለት ብርሃን እንዲገባ ሽማግሌውን በሩ አጠገብ አስቀመጥናቸው። ዓይናቸው ሲያጠራጥራቸው ክሩን በጣታቸው እየዳበሱ፣ በአገራቸው ቋንቋ ድምፅ አውጥተው እየቆጠሩ ሠሩ። አስቸጋሪው ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አቁመው ቀና አሉና ካሜራውን ተመለከቱ።

«እዚህ ላይ አቁሙት። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ቀጥሉ። ካሁን በኋላ እኔ የለሁም፤ ብትሳሳቱ የሚቆጣችሁ የለም፤ ፍቱና እንደገና ጀምሩ።»

ካሜራውን የያዘው ልጅ ይህን ቦታ ቆርጦ ያውጣው እንደሆነ ጠየቀኝ። እንዲተወው ነገርኩት።