የሐሙስ ሳፋ እና የአውራ ጣቴ ሥር

እናቴ የሰንበት ልብሷን ማሽን ውስጥ አታስገባም። ነጠላዋም፣ ቀሚሷም፣ ጸሎት ቤት ስትሄድ ከላይ የምትደርበው ኩታም በእጅ ነው የሚታጠቡት፤ ለብቻቸው፣ በራሳቸው ሳፋ፣ ከሌላ ልብስ ጋር ሳይነካኩ። ማጠቢያ ማሽኑን በጎን እያየች «እዚህ ውስጥ የማን ልብስ በየትኛው ቀን እንደገባ ማን ያውቃል» ትላለች። በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ ንጽሕና ቀላል ነገር አይደለም። በጎንደር ገጠር ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ በተለየ ጎጆ ትቀመጥ ነበር። እዚህ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ ከየት ይምጣ። ከዚያ ሁሉ ሥርዓት ለእናቴ የቀራት ሳፋው ነው፤ ሳፋው ደግሞ ለእኔ ደረሰኝ።

አንድ ጊዜ ያቭነ የምትኖረው ታናሽ እህቴ እኔን ለማሳረፍ ብላ የእናታችንን ነጠላ ወስዳ ማሽን ውስጥ ከተተችው። ለብቻው ነበር ያጠበችው፣ በቀዝቃዛ ውሃ። እናቴ ስትሰማ አልተቆጣችም። ነጠላውን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችና ሦስት ሰንበት ከቤት አልወጣችም። «ደክሞኛል» ነበር የምትለው። ብትቆጣ በተሻለን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት እየመጣላት፣ ለሐኪም የምትናገረውን እንኳ እኔ እየተረጎምኩላት የምትኖር ሴት ናት። ሰንበት ነጭ ለብሳ ከእኩዮቿ ጋር ስትቀመጥ ብቻ ነው ሰው የምትሆነው። እና ከዚያ ወዲህ ስለ እጥበት በቤታችን ማንም ትንፍሽ አላለም። በየሐሙሱ ከሥራ ስመለስ እጅጌዬን ሰብስቤ እጎነበሳለሁ፣ አሻለሁ፣ እጠምዛለሁ።

ሌላው ጣጣዬ ስልኩ ነው። ወደዚህ አገር ስመጣ ልጅ ብሆንም ፊደል ቆጥሬ ነበር። ከእኔ በታች ያሉት አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አይጽፉም፤ ትልልቆቹ ደግሞ ስልክ መንካት አይወዱም። ስለዚህ የዘመዱ ሁሉ ጸሐፊ እኔ ሆንኩ። ለቅሶ ቢሆን፣ ሠርግ ቢሆን፣ ቄሶቹ የሚያስተላልፉት መልእክት ቢሆን ወደ እኔ ይደወላል፤ እኔም ለዘመዶቹ የስልክ ቡድን እጽፋለሁ። የምሠራው ገዴራ ከተማ፣ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። አውቶቡስ ላይ በግራ እጄ ብረቱን ይዤ፣ በቀኜ ስልኩን ከሥር ደግፌ በዚያው እጅ አውራ ጣት እጽፍ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ስልኩ ሁሉ እየተለቀ ነበር የሚመጣው፤ ጣቴ ወዲያኛው ጫፍ ለመድረስ ይንጠራራል። የእኛ ፊደል ደግሞ ይታወቃል፤ ፊደሉን ነክተህ፣ ድምፁን መርጠህ፣ እንደገና ነው። አንድ የለቅሶ መልእክት ሳይጠናቀቅ ገዴራ እደርሳለሁ።

ሕመሙ የጀመረው አውራ ጣት ከእጅ አንጓ ጋር የሚገናኝበት፣ ሥሩ ላይ ነው። መጀመሪያ የሕፃናቱን ጃኬት ዚፕ ስስብ ጠቅ ያደርገኝ ጀመር። ከዚያ የጠርሙስ ክዳን መክፈት አቃተኝ፣ ከዚያ ቁልፍ ማዞር። አንድ ጠዋት በአንድ እጄ ያነሣሁት የወተት ጆግ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ባልደረባዬ «ምንም አይደል» ብላ ጠረገችው። እኔ ግን በዚያ እጅ በቀን ስንት ጊዜ ሕፃን እንደማነሣ እያሰብኩ ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ አንድም ሕፃን ሳላቅፍ ዋልኩ፤ ሲያለቅሱ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ወደ ጭኔ እንዲመጡ ማድረግ ሆነ ሥራዬ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አውራ ጣቴን ይዞ ሥሩን ሲጫንና ሲያዞረው በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። አውራ ጣቴን ጨብጬ እጄን ወደ ትንሿ ጣት በኩል እንዳዘነብል አዘዘኝ፤ ያ ብዙም አላመመኝም። «የአንጓው ጅማት አይመስልም፣ መገጣጠሚያው ነው» አለ። ራጅ ሲነሣም መገጣጠሚያው ትንሽ መሳሳት ጀምሮ ነበር። ወደ ገዴራ፣ እጅ ብቻ ወደምታክም ባለሙያ ላከኝ።

ሴትዮዋ ገና ከመቀመጤ «እጆችሽ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። ሕፃናቱን ነገርኳት። ስልኩን ነገርኳት። ሳፋውን አልነገርኳትም። ብነግራት «ማሽን የላችሁም?» ትላለች፣ አለን ስላት «ታዲያ?» ትላለች፣ ከዚያ የእናቴን ሥርዓት ለማታውቀው ሰው በዕብራይስጥ ላስረዳ ነው። ስንቱ ሰው ስለ እኛ አንገቱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ። እናቴን ለዚያ አሳልፌ መስጠት አልፈለግሁም።

እሷ በሰማችው ልክ መከረችኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ወይም ጉልበት ላይ አስደግፈሽ በሌላው እጅ አመልካች ጣት ጻፊ፤ ከቻልሽ በድምፅ ላኪ፤ ሳያምምሽ በፊት እረፊ እንጂ ካመመሽ በኋላ አይደለም። የአውራ ጣቱን ሥር አቅፎ የሚይዝ፣ ጫፉን ግን ነፃ የሚተው ማሰሪያ ቀርጻ ሰጠችኝ፤ ሥራ ላይ ላስረው፣ ሳርፍ ልፈታው። ጣቱ እንዳይደርቅም ብርጭቆ የምይዝ ይመስል ክብ አድርጌ ቀስ ብዬ እንድከፍተው አሳየችኝ፣ ሕመሙ ሳይመጣ። የሚያምሙኝን ቀኖች እንድጽፍ ወረቀትም ጨመረችልኝ።

የስልኩ ነገር ተሳካ። ለቅሶውን በድምፄ መላክ ስጀምር አንድ አጎቴ ደውሎ «አሁን ገና ማን እንደሞተ ገባኝ» አለኝ። ለካ ስጽፍ የኖርኩት ለራሴ ነው። ሐሙስ ሲደርስ ግን ማሰሪያውን ውሃ እንዳይነካው ፈትቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጥና እንደ ልማዴ ነጠላውን እስኪጮህ እጠመዝዘዋለሁ። ለእህቴ «ከእጅ አይሻል ዶማ፣ ማሰሪያው ምንም አልረባኝም» አልኳት። ይህን ስል አላፈርኩም።

በወሩ ስመለስ ባለሙያዋ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየችው። «ለምንድን ነው ዓርብ ዓርብ የሚብስብሽ?» አለች። አራት ዓርብ በራሴ እጅ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፤ ምን ብዬ ልካድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን እኔ ራሴ ለስንቱ ሰው ስናገር ኖሬያለሁ። ነገርኳት፤ ሳፋውን፣ ንጽሕናውን፣ የእህቴን ማሽንና ሦስቱን ሰንበት ሁሉ። አልሳቀችም፣ አንገቷንም አልነቀነቀችም። እርጥብ ፎጣ አምጥታ «እንደ ቤትሽ ጨምቂው» አለችኝ። ጠመዘዝኩት። ገና በግማሹ አስቆመችኝ።

«በጣትሽ ጫፍ ቆንጥጠሽ የያዝሽው ትንሽ ነገር ሥሩ ላይ ሲደርስ ብዙ እጥፍ ከብዶ ነው» አለች። «አንቺ ደግሞ ቆንጥጠሽ ይዘሽ፣ እዚያው ላይ ታዞሪዋለሽ። የተሳሳው እንደነበረ አይመለስም፤ ሕመሙ ግን ሊበርድ ይችላል። እናትሽ በእጅ ይታጠብ አለች እንጂ ይጠምዘዝ ብላለች?»

ዘፍዝፈሽ አቆዪው፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቢ፣ አትጠምዝዢ፤ በመዳፍሽ ተጫኚው፣ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን አስመጥጪው አለችኝ። በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ እሺ፣ ብዬ ወጣሁ። ቤሰደር ማለት ለእኔ ቀላል ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ነገሩን አወጣ አወርድ ጀመር። ያልተጠመዘዘ ልብስ ይንጠባጠባል፣ እናቴም ለምን ትላለች። አመመኝ ካልኳት ወይ ራሷ ሳፋው ላይ ትጎነበሳለች፣ ወይ ደግሞ «ደክሞኛል» ብላ ሰንበትን ቤት ትውላለች። ዝም ካልኩ እጄ ይሄዳል፣ ከእጄ ጋርም ሥራዬ። የቱንም ብመርጥ አንዳችን እንጎዳለን። ከገዴራ እስከ ቤት ድረስ እናቴንም፣ ማሽኑንም፣ ራሴንም በልቤ ስሰድብ ሄድኩ።

በዚያ ሐሙስ ሳፋውን አላወጣሁም። እናቴ ኩሽና በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። «እጄን አሞኛል» አልኳት። «ልብስሽን ማጠብ አልተውም። እንደ በፊቱ መጠምዘዝ ግን አልችልም።»

«እና ማን ጠምዝዢ አለሽ?» አለች። «እኛ ወንዝ ወርደን ጋቢና ቡልኮ የምናጥበው በእግር አልነበረም ወይ? እንዶዱን አፍስሰን እየረገጥን። አንቺ ከማን ተማርሽው ይሄን መጠምዘዝ?»

ከማንም አልተማርኩም። ሳፋው ጠባብ ነው፣ ማጠቢያውም ጠባብ ነው፤ እግር የሚገባበት ስላልነበረ በእጄ ፈለሰፍኩት። እናቴ ራሷ የገላ መታጠቢያው ገንዳ እንዲታጠብ አዘዘች፤ እግሬንም ሁለት ጊዜ በሳሙና አሳጠበችኝ። የማያንሸራትተውን ላስቲክ ከሥር አንጥፌ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መያዣ በሙሉ መዳፌ ይዤ ገባሁ። እሷ የፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ «ጥለቱን አትርገጪው፣ ወደ ዳር አድርጊው» እያለች ታዛለች። ትልቅ ሴትዮ ሆኜ ልብስ ስረግጥ ሳቄ መጣ። ውሃው ሲጠራ ነጠላውን ፎጣ ላይ ዘርግቼ ጠቀለልኩት፣ ከላይም በእግሬ ተራመድኩበት። ፎጣው ሲረጥብ ሌላ ደረቅ ቀየርኩ። እጄ አላመመኝም።

ሰገነቱ ላይ ልንሰቅለው ስንል እናቴ ሌላውን ጫፍ ልያዝልሽ ብላ ተነሣች። የያዘችው ግን በጣቷ አይደለም። ጨርቁን በሁለት ክንዶቿ መካከል አጣብቃ፣ እጇን እንደ ደረቀ እንጨት ዘርግታ ነው። «እማዬ፣ በእጅሽ ያዥው እንጂ» አልኳት። አልሰማችኝም እንዳልል ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

ነጠላውን ገመዱ ላይ ጣልኩና እጇን ሳብኩት። የአውራ ጣቷ ሥር እንደ ማዕዘን ወጥቷል፣ ጣቱም ወደ ውስጥ ታጥፏል። ይህን እጅ በየቀኑ ሳየው ኖሬ አላየሁትም። ሐኪም ቤት ስንሄድ ስለ ጉልበቷ ተርጉሜላታለሁ፣ ስለ ደም ግፊቷ ተርጉሜላታለሁ፤ ስለ እጇ አንድም ቃል ሰጥታኝ አታውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ሳፋውን ላንቺ ከመስጠቴ በፊት» አለች። «እጄ ሲከዳኝ፣ አልቻልኩም ለማለት አፍሬ ላንቺ ሰጠሁሽ።»

ተናደድኩ። ስንት ዓመት፣ ስንት ሐሙስ ብዬ ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ግን እኔስ ወሩን ሙሉ ሳፋውን ከባለሙያዋ ደብቄ አልነበረም ወይ? አፌን መልሼ ዘጋሁት።

እናቴ እጇን ከእጄ ሳታወጣ የእኔን አውራ ጣት ሥር ዳሰሰች። «ሥራውን ብቻ የሰጠሁሽ መስሎኝ ነበር» አለች።