የሐረገ ወይን ፊት

በንፋስ መውጫ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ያላት ሰርኬ ለሰው ጎንበስ ማለት አይሆንላትም። የስማዳ ልጅ ናት። ከዚያ ከተማ ከወገዳ መጥታ ንጉሴ ከሚባል ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጠረች፤ እሱ ሲሞት ሥራውን በራሷ ስም ያዘች። ሴት ምን ፎቶ ታነሳለች ብለው ያሾፉባት ሁሉ ዛሬ ልጆቻቸውን የሚያስነሱት እሷ ዘንድ ነው።

የዚያ አገር ገበሬ ሱፍ ሳይኖረው በሱፍ መታየት ይወዳል። ሰርኬም የስንቱን ራስ በኮምፒውተር ቆርጣ ከሌላ ሰው ሱፍና ከረባት ላይ ስትተክል ኖራለች። ፊቱ የራሱ ስለሆነ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ዓለምነህ ይዞት የመጣው ሥራ ግን የዚህ ግልባጭ ነበር፤ ጸጉሩና ልብሱ ሳይነካ ፊቱ ብቻ እንዲሠራ።

ዓለምነህ እህል ነጋዴ ነው። ፎቶ ቤቱ ያለበት ቤትም የእሱ ነው። እናቱ ሐረገ ወይን እስቴ ገጠር ስትሞት እሱ ገና ነፍስ ያላወቀ ሕፃን ነበር። ያኔ እጅ አጥሮ ተዝካሯ ሳይወጣ ቀረ። አሁን ሲያልፍለት ካህናቱን ጠርቶ፣ ያገሩን ሰው አብልቶ ሊያወጣላት ተነሣ፤ ፎቶዋንም አስተልቆ ከዳሱ መግቢያ ሊሰቅል። ያለው አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። እሱንም ከቆርቆሮ ጣሪያ የፈሰሰ የክረምት ውሃ አግኝቶት ፊቱን አጥቦ ወስዶታል። ሹሩባዋ፣ ጥልፍ ቀሚሷና ባንገቷ ያሰረችው ማተብ ግን ትናንት የተነሡ ይመስላሉ።

ዓለምነህ የሚያስታውሰው ሹሩባዋን ብቻ እንደሆነ ነገራት። አዝላው ስትሄድ በእጁ ይጨብጠው ነበር። ፊቷ ግን ከልቡ ጠፍቷል።

ሰርኬ አዘነችለትና ሥራውን ተቀበለች። ፎቶውን ስካን አደረገች። ቀጥሎ ማስክ የሚሉትን ሠራች፤ ይህም በፎቶው ላይ እንደሚለብስ መሸፈኛ ያለ ነገር ነው። ነጭ የቀባችውን ቦታ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይሥለዋል፤ ጥቁር የተወችውን አይነካም። ሥራው ኢንፔይንቲንግ ይባላል። ፕሮግራሙ ዙሪያውን አይቶ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ያንገቱ ቆዳ ምን እንደሚመስል አመዛዝኖ ባዶውን ይሞላል።

መጀመሪያ ላይ የኮምፒውተሩ ብሩሽ ከአገጭ ወርዶባት አንገቱንም ቀባችው። የወጣችው ሴት ቆንጆ ነበረች፤ ማተብ ግን አልነበራትም። ማሽኑ ማተብ ምን እንደሆነ ምን ያውቃል፤ ክሩን አጥፍቶ አንገቷን ባዶ አድርጎታል። በዚያ አገር የሞተችን እናት ፎቶ ያለ ማተብ በካህናት ፊት መስቀል ክርስትናዋን እንደመግፈፍ ነው። ሰርኬ ደነገጠችና ሥዕሉን አጥፍታ እንደገና ጀመረች። ማስኩን አገጭ ላይ አቆመችው። ከላይም ሹሩባው ከሚነሣበት ከግንባር ጫፍ በታች ወሰነችው፤ ስፌቱ እንዳይታወቅ ጠርዙን አለሰለሰችው። ጸጉሩ፣ ጆሮው፣ ማተቡና ቀሚሱ እንደነበሩ ሆነው ፊት ወጣ።

ዓለምነህ ሲያየው ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኖ አለቀሰ። አብረውት የመጡት ዘመዶችም አለቀሱ። አንደኛው ቁርጥ እሷን አለ፤ በሕይወት ሳለች ግን አይቷት አያውቅም።

ከሁሉም ኋላ ገብተው ከወንበሩ ጫፍ የተቀመጡት የሟቿ ታናሽ እህት እማማ ትሁን ናቸው። ወደ ኮምፒውተሩ ቀርበው፣ ራቅ ብለው፣ ደግመው ቀርበው አዩት። አላለቀሱም።

"ቀሚሱ የእትዬ ነው። ሹሩባውን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ይቺ ሴትዮ ግን የማን ልጅ ናት?"

ዓይንዎ ደክሞ ነው አሏቸው። ዓይኔስ ክር በመርፌ ያስገባል፣ እናንተ ልብስ አይታችሁ አለቀሳችሁ እንጂ ሲሉ መለሱ። ዓለምነህ አክስቱን በትሕትና አቀፋቸውና ወደ ሰርኬ ዞር ብሎ በትልቁ አትሚው አላት።

ሰርኬ እጇን ከኮምፒውተሩ መዳፊት ላይ አነሣች። ይሄ ፊት የማንም እንዳልሆነ እሷ ከሁሉም ይበልጥ ታውቃለች። ማሽኑ ሐረገ ወይንን አያውቃትም፤ ያየውን የሺህ ሰው ፊት አቀላቅሎ ከጸጉሩና ካንገቱ ጋር የሚገጥም ፊት ነው የሠራው። በቃል ብታስረዳ እንደማይሰማት ገባት። ስለዚህ ያንኑ ማስክ ሳትነካ ደግማ አዘዘችው። ሌላ ፊት ወጣ። ደግማ አዘዘች፤ ሌላ። አሁንም አዘዘች፤ ሌላ። አራቱን ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። አራት ሴቶች፣ አንድ ሹሩባ፣ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ማተብ።

"አቶ ዓለምነህ፣ እናትዎ የትኛዋ ናቸው?"

ዓለምነህ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተመለከተ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንደገና እንባ አቀረረ። ለሌላ ሴት ፊትም ማልቀሱ ለራሱ ታወቀው፤ ፊቱ ጠቆረ።

"አንቺ እኔን ልታዋርጂ ነው የቆምሽው?"

"ላዋርድዎ አይደለም። ጸጉሩ የእናትዎ ነው፣ ልብሱም የእናትዎ ነው። ፊቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"ለእኔ ይበቃኛል።"

"ለእርስዎ ይበቃ ይሆናል። ልጆችዎ ግን ይቺን አያታችን ብለው ይሳለሟታል። እኔ በማላውቃት ሴት ላይ የሐረገ ወይንን ስም አልጽፍም።"

ከዘመዶቹ አንዱ፣ ሱፍ እየለጠፍሽ ኖረሽ ዛሬ ምን ያመጻድቅሻል ብሎ ወጋት። ሱፉ የተውሶ መሆኑን ባለቤቱ ያውቃል፣ እሱም እየሳቀ ነው የሚወስደው አለችው። እማማ ትሁን ሳያስቡት ሳቁ። ዓለምነህን ያበሸቀው ይህ ሳቅ ነው። ካላተምሽ ቤቴን ልቀቂ አላት፤ ቁርጥ አድርጎ።

ሰርኬ አልለመነችም። እሱ እያየ አራቱንም ፊቶች ከኮምፒውተሩ አጠፋች። ከዚያ የመጀመሪያውን ስካን አወጣች። ከጸጉሩና ከቀሚሱ ላይ የሻጋታውን ነጠብጣብ ብቻ አጸዳች፤ ፊቱን ውሃው እንደተወው ተወችው። በትልቁ አትማ ለእማማ ትሁን በእጃቸው ሰጠች። የታጠበው ፊት እንደ ደመና ነጭ ነበር። እማማ ትሁን ማተቡን ስመው በነጠላቸው ጠቀለሉት።

"ከዳሱ የሚሰቀለው ይሄ ነው" አሉ። "ፊቷ እኔ ዘንድ አለ። የጠየቀኝን እነግረዋለሁ።"

ዓለምነህ ዘመዶቹን አስከትሎ ወጣ።

በማግስቱ ሰርኬ ዕቃዋን ስትጭን ዋለች። ከመናኸሪያው ማዶ የጸጉር አስተካካይ የነበረች ጠባብ ክፍል አግኝታለች። ባጃጁ ላይ ኮምፒውተሩን ስታስር ዓለምነህ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ብታትሚ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር አላት፤ ድምፁ እንደ ትናንቱ አልነበረም። አሁንም አላትምም አለችው፤ ገመዱን ሳትለቅ።

እማማ ትሁን ከገበያው በኩል ብቅ አሉ። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፤ ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ከጭነቱ ላይ በርጩማ አስወርደው መሐል መንገድ ላይ ተቀመጡ።

"ካሜራሽን አውጪ። ሽበቴም የፊቴ መጨማደድም ይውጣ። ዘመድ ሁሉ ቁርጥ እሷን ትመስያለሽ ይለኛል፤ እኔ ግን እሷን አይደለሁም። በጀርባው ስሜን ትሁን ብለሽ ጻፊበት፣ ኋላ ማንም እንዳይሥለኝ።"

ባለ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ፤ እማማ ትሁን ጸጥ በል አሉት። ዓለምነህ በሩን ተደግፎ ቆሞ የአክስቱን ፊት ትኩር ብሎ ያይ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲያ አይቷቸው አያውቅም። ሰርኬ ካሜራዋን ከሣጥኑ አወጣች። እማማ ትሁን ቀና አሉ። አልሳቁም።