ሁለቱም ጫፍ ቦላይን

ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የሣህሉ እጅ ያላረፈበት ገመድ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ዕድሜውን የጭነት መርከብ ላይ ገመድ ሲጎትት ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አያቱም አባቱም የምድር ባቡር ሰዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ሐዲዱ እስከሚያልቅበት ሄዶ ባህሩን አየና በዚያው ቀረ። አሁን ውሃ ሲያሻው ብቻ ብቅ የሚልበት አሸዋማ ወንዝ ባለበት ከተማ ተቀምጦ "መርከበኛ ነኝ" ሲል ሰፈሩ ይስቃል።

"ካፒቴን፣ ዛሬ ማዕበሉ እንዴት ነው?" ይሉታል ባለባጃጆቹ።

"አቦ ተዉኝ!" ይላል። ውስጡን ግን ደስ ይለዋል።

ይሳቁበት እንጂ የፋሲካ በግ የገዛ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ቦላይን የሚባለውን ቋጠሮ ያስርለታል። ገመዱን ትንሽ ክብ ያደርግና፣ ጫፉን ከታች አውጥቶ፣ በዋናው ገመድ ጀርባ አዙሮ፣ በዚያው ክብ መልሶ ያስገባዋል። በጉ አንገት ላይ የሚቀረው ቀለበት የፈለገ ቢጎተት አይጠብም፤ በጉ አይታነቅም። የልብስ ማስጫው ገመድ ሌላ ነው። እዚያ ገመዱን በብረት ምሰሶው ላይ ሁለቴ ይጠመጥመዋል፤ ጥምጥሙ ክብደቱን ስለሚሸከም በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ሁለት ቀላል ቋጠሮ ጣል ያደርግበታል። ገመዱ ተወጥሮ እያለም ቢሆን ይህ ይፈታል። በረንዳው ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ቀንድ ብረት አስበይዷል፣ መርከብ ላይ እንዳለው ያለ። የጥላውን ሸራ ገመድ በብረቱ እግር ዙሪያ አንድ ዙር ያዞራል፣ በቀንዶቹ ላይ ስምንት ቁጥር ይሠራል፣ በመጨረሻ አንዴ ገልብጦ ይቆልፈዋል። ድንገት አቧራ ያዘለ ነፋስ ሲነሳ ሸራውን በቅጽበት ለቆ ያወርዳል።

ይህን ሁሉ ደግሞ በየቀኑ ለሚስቱ ለአሰገደች ያስተምራታል። ጠይቃው አይደለም፤ የሚሰማው ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

"ቦላይን የምታምኚው እንዲይዝልሽ ነው፤ ገመዱ ተወጥሮ እያለ አይፈታም" ይላታል። "ባለ ሁለት ቀንዱን የምታምኚው እንዲለቅልሽ ነው። ከሁለት አንዱ ጫፍ ሁልጊዜ የሚለቅ መሆን አለበት፣ ገባሽ?"

"ገባኝ፤ አሁን ሽንኩርቱን አቀብለኝ" ትለዋለች።

ታዲያ አንድ ቀን ዒጋል ከጅቡቲ ደወለ። ዒጋል የዚያው የድሬ፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ ከሣህሉ ጋር አንድ መርከብ ላይ ሠርቶ፣ ኋላ ሰዎችን ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልስ የእንጨት ጀልባ ገዛ። አሁን ጉልበቱ ከድቶታል። "ዋርያ ሣህሉ፣ ወላሂ ይህን ጀልባ ለማያውቀው ሰው አልሰጥም። ናና ያዝልኝ" አለው።

ሣህሉ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። ሳይሞት አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጀልባ በእጁ፣ ሌላ ምንም አልፈለገም። ለአሰገደች የነገራት ሻንጣውን እየሞላ ነበር፤ "ጅቡቲ ልሄድ ነው፣ ጀልባ ልይዝ ነው" ብሎ። ድሮም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። አሰገደች ሸሚዞቹን አጣጥፋ አቀበለችው። በማግስቱ ግን ነጠላዋን ለብሳ ባቡር ጣቢያው ላይ ከእሱ ቀድማ ተገኘች።

"ወዴት ነው?"

"ልሸኝህ ነዋ፣ እስከ ባህሩ" አለች።

ጅቡቲ ሲደርሱ ከምድር ወደ ባህር የሚነፍሰው የሙቀቱ ወራት ነፋስ ተነስቷል፤ ፊት ያቃጥላል። ጀልባዋ ከድንጋዩ ጥግ በፊትና በኋላ ገመድ ታስራ ቆማለች። ዒጋልና ሚስቱ ዓኒሳ ሻይ በቴርሞስ ይዘው እዚያው ምንጣፍ አንጥፈዋል። ሣህሉ ጀልባዋን ሲያይ ልጅ ሆነ። ዘሎ ገባና ጄሪካን መደርደር ጀመረ፤ የፊተኛው ገመድ በዒጋል የአስተሳሰር ዘዴ መታሰሩ ግን ዓይኑን ወጋው።

"ይሄ የምን አስተሳሰር ነው? አስጉዬ፣ ፈትተሽ አንቺ እሰሪው፤ ዒጋል ያስተማርኩሽን ይይ!"

ዒጋል አሰገደችን አየ። አሰገደችም ዒጋልን አየችው፤ ምን እንደተባባሉ እግዜር ይወቅ። የኋላው ገመድ ጀልባዋን እንደያዛት፣ ፊተኛውን ገመድ ፈታች። አንዱን ጫፍ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ባለው ቀለበት፣ ሌላውን ድንጋዩ ላይ ባለው ምሰሶ አሰረች። እጇ ፈጠን ያለ ነበር። ሣህሉ ከኋላ ሆኖ "ማሻአላህ በላት እንጂ!" እያለ ይጎርራል፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ልክ ይሄ ነው ስህተቱ፤ ጉረኛ ሰው የራሱን ተማሪ አይፈትሽም።

"በል፣ ልሞክራት!" አለና፣ ከችኮላው ብዛት ሞተሩን እንኳ ሳያስነሳ፣ የኋላውን ገመድ ከጀልባዋ ባለ ሁለት ቀንድ ብረት ለቀቀ። ነፋሱ ጀልባዋን ገፍቶ ከድንጋዩ አራቃት። የፊተኛው ገመድ ተወጠረ፤ ጀልባዋ ጫፉ ላይ ቆመች።

"ፍቺው!" ብሎ ጮኸ።

"አይፈታም" አለች አሰገደች።

"እንዴት አይፈታም?"

"ቦላይን ነዋ። ተወጥሮ እያለ አይፈታም ብለኸኝ የለም?"

ሣህሉ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሮጠ። እዚያም ቦላይን! ያማረ፣ የተስተካከለ፣ እንከን የሌለው ቦላይን። ጥፍሩ እስኪነቀል ታገለው፤ ንቅንቅ አላለም። ገመዱን እንዳይጎትት ጀልባዋ ከባድ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ እሱ አንድ ሰው።

"ዒጋል! ሞተሩን በምን ላስነሳ? ቁልፉ የታለ?"

ዒጋል ሱሪው ኪስ ላይ መታ መታ አደረገና ሻዩን ፉት አለ። "እዚህ ነው፣ ወንድሜ። አላህ ይመስገን፣ ደህና ነው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሁለቱም ጫፍ በቦላይን አይታሰርም ብዬሽ አልነበር? ስንቴ ነው የነገርኩሽ!"

"ሁሉንም ነግረኸኛል" አለች አሰገደች፤ ድምጿ አሁን ቀልድ አልነበረውም። "የቱ እንደሚይዝ፣ የቱ እንደሚለቅ፣ ስምንት ቁጥሩን ሳይቀር። ስትሄድም እሄዳለሁ ብለህ ነገርከኝ፤ ስትመጣም መጣሁ ብለህ ነገርከኝ። ልጆቹን ስወልድም ከየወደቡ ደውለህ ስለ አየሩ ነገርከኝ። አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ሣህሉ ገመዱን ከእጁ ለቀቀ። አጣጥፋ ያቀበለችውን ሸሚዝም፣ ጣቢያው ላይ ቀድማው የቆመችውንም አሰበ፤ አፈረ፣ ከልቡ አፈረ። ዓኒሳ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ሻይ ትቀዳለች። ዒጋልም ቀልዱን ተወ።

"አሰገደች" አለ በመጨረሻ፤ ነፋሱ እንዳይወስድበት ጮክ ብሎ። "ከእኔ ጋር እዚህ ትኖሪያለሽ ወይ? እምቢ ካልሽ ይህን ጀልባ አልይዝም። በማርያም፣ ድሬ እመለሳለሁ።"

"ላስብበት" አለችው።

ከዚያም ተቀመጠችና ዓኒሳ የቀዳችላትን ሻይ ተቀበለች። ትኩስ ስለነበር እፍ እፍ እያለች፣ አንዴ ባህሩን አንዴ ባሏን እያየች፣ ሳትቸኩል ጠጣች። ሣህሉ ገመዱ ጫፍ ላይ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ጠበቀ። ማንም ያን ያህል ሲጠብቅ አይቶት አያውቅም።

"እሺ" አለች ብርጭቆውን አስቀምጣ። "ግን የጀልባዋ ወንበር ላይ ጥላ አድርግበት፤ ፀሐዩ አይቻልም።"

ሣህሉ ፊቱን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "የባህሩ ጨው ነው፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ" አለ።

"ውሸታም! ገና ከወደቡ አልወጣህም" አለችና ከዒጋል ጋር ገመዱን መጎተት ጀመረች።