ግንበኛው ሙሜና የዘውዴ ፎቅ

በ1956 ዓ.ም. ሸዋ በር አጠገብ የሚኖረው ባለሱቁ ዘውዴ እንቅልፍ አጣ። ጎረቤቱ ፎቅ ሠርቶ ከላይ ቁልቁል ያየው ጀመር። ዘውዴ ደግሞ ከሱ በላይ ሰው መቆሙን የማይወድ፣ በትንሽ ነገር የሚከፋ ሰው ነበር። አባቱ ባወረሱት ምድር ቤት ላይ ፎቅ ሊጭን ቆረጠና ግንበኛውን ሙሜን ከጀጎል አስጠራው።

ሙሜ እጁ የሚደነቅ፣ ለባለጠጋ ግን እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት የዘውዴን ቤት በረንዳ ከነአራት ዓምዶቹ የሠራው እሱ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ዓምዶቹን እያየ ሲያደንቅ፣ ዝም ብሎ ምስጋናውን ይቀበል ነበር።

አሁን በቤቱ ጥግ መሠረቱን ቆፈረ። ድንጋዩ ከጉልበት አይዘልቅም፤ ከሥሩም አመድና የተደፋ ጥራጊ ወጣ። የግድግዳውን ኖራ ፋቀ፤ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው። ከመስኮቱ ጥግ ሽቅብ የሚወጣ ስንጥቅም አገኘ፤ እየሰፋ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በላዩ ላይ ጄሶ ለጠፈበት። በሳምንቱ ሲመለስ ጄሶው ለሁለት ተሰንጥቋል።

«አቶ ዘውዴ፣ ቤቱ ምንም ሳይጫንበት ከቦታው እየሄደ ነው። ፎቅ አይችልም» አለ።

«ግድግዳው ይቅር። ፎቁን ዓምዶቹ ይሸከሙታል። ሲሚንቶና ፌሮ አይደሉም እንዴ?»

ሰውየው በገዛ ልስኑ ተታሎ ነበር። ሙሜ እዚያ ላይ ዝም ቢል ሥራም ገንዘብም ነበረው። የዘውዴ አራት ልጆች ግን ከዚያ በረንዳ ኋላ ይተኛሉ። መሮና መዶሻውን አነሣ፤ ከአንዱ ዓምድ ላይ ልስኑን ቀረፈው። ከጣት የማይወፍረው ሲሚንቶ እንደወደቀ ጭቃና ጠጠር ፈሰሰ። ፌሮ የሚባል ነገር የለም።

«ወላሂ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ።

«ሌባ! አታለልከኝ» አለ ዘውዴ።

ሚስቱ ለተማርያም ከበሩ ላይ ሆና፣ «ለዓምዶቹ የተገዛውን ሲሚንቶና ፌሮ ለአባትህ መቃብር ያስጫንከው አንተ አይደለህም?» አለችው። ዘውዴ ያልሰማ መሰለ። እንዲህ ያለው ሰው ጆሮው የሚደነቁረው እያወቀ ነው።

ፎቁ አልተሠራም። ዘውዴ የተቀረፈውን ዓምድ ያንኑ ማታ አስለሰነው፤ ሙሜ አጭበርባሪ ነው ብሎም በየቤቱ አወራ። ሰዉም አመነው፤ ወፍራም ልስን የሚወድ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ሸዋ በር ላይ ሙሜን የሚጠራው ሰው አልተገኘም። ጀጎል ውስጥ የግቢ አጥር ሲጠግን ኖረ፤ እዚያ ጭቃውን ጭቃ ብለው ነው የሚያሠሩት።

ለተማርያም ግን በዚያው ሳምንት የልጆቿን አልጋ ከስንጥቁ ጥግ አራቀች። በየክረምቱም ጄሶ እያስመጣች፣ ይሰነጠቅ እንደሆነ ለማየት፣ ስንጥቁ ላይ በገዛ እጇ ትለጥፍ ነበር።