ከስድስቱ ጋር ያዋሃድኳት

ሞላሌ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ማሽኑ የሰው፣ ቤቱ የሰው፣ ጣቱ ብቻ የኔ። አስረኛ ክፍል ላይ ፈተናው ጥሎኝ ነው እዚያ የገባሁት። አፌ ግን አልወደቀም። ገበያው ሁሉ የሚያውቀኝ በአፌ ነው፤ መልስ አጥቼ የማውቅ ልጅ አልነበርኩም። ከአንድ ቀን በቀር።

ያኔ ዘመኑ የሪፖርት ነበር። ከየቀበሌው የሚመጣው ሰው ሁሉ የግምገማ፣ የዕቅድ፣ የአፈጻጸም ወረቀት ይዞ ይመጣል። ከወረዳ የሚመላለስ አንድ ኃላፊ ነበር፤ ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ የተጻፈልኝን እንዳለ ደርድሬ ስሰጠው ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ያዘና፣

"አንት ልጅ፣ አለቃ ድርሰት የሚያነብ መሰለህ? በነጥብ አርገው!" አለኝ።

"እንዴት ነው በነጥብ?"

"አንድ ነጥብ፣ አንድ ሐሳብ። ዐረፍተ ነገሩ ሁለት ነገር ከያዘ ለሁለት ክፈለው። አጨራረሳቸውን አንድ ዓይነት አርገው፤ አንዱን 'ተሠርቷል' ካልክ ሌላውንም 'ተሠርቷል'። ከገጹ ካለፈብህ የሚመሳሰሉትን አዋህድ። አሁንም ካለፈ፣ ባይኖር ወረቀቱን የማያጎድለውን ጣል።"

ገባኝ። እንዲያውም ከሱ በላይ ገባኝ። አንድ ቀበሌ በረዶ ገብሱን አጨደው፣ በጎቹ በበሽታ አለቁ፣ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው ብሎ ሁለት ገጽ ሙሉ አልቅሶ ቢመጣ፣ እኔ "የተፈጥሮ አደጋ ተከስቷል" ብዬ ባንድ ጥቁር ነጥብ ዘጋሁት። ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አረገኝ። ኮራሁ። ያቺን ኩራቴን ዛሬ ባገኛት በጥፊ ነበር የምላት።

አስተማሪያችን የሞቱት በክረምቱ መውጫ ነው። አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ፣ ከዚያም ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት፣ ጉሙ ከጓሳ ተራራ በኩል ተግተልትሎ ወርዶ በሩን እንደ ሰው ሲገፋ፣ ትልቁ ልጃቸው ገባ። ዓይኑ ቀልቷል። የታሸገ ፖስታ አስቀመጠልኝ። ላዩ ላይ በዚያ ሰሌዳ ላይ በማውቀው ቀጥ ያለ ፊደል "ቀብሬ ላይ ይነበብ" ይላል።

"ራስጌው ሥር ነው የተገኘ፤ የሕይወት ታሪኩን ራሱ ጽፎታል" አለኝ። "ለእኩለ ቀን ፍትሐቱ ያልቃል። ቶሎ በል።"

"ረጅም ቢሆንስ ጋሼ?"

"መሪጌታ ናቸው የሚያነቡት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊደሉን አተልቅላቸው። ደሞ ካንድ ገጽ አይለፍ ብለዋል፣ ጉሙ ሰው ያስጨንቃል። አሳጥረው፣ ታውቅበት የለ?"

አውቅበታለሁ። እሱ የሬሳ ሳጥኑን ነገር ሊያይ ወጣ፣ እኔ ፖስታውን ቀደድኩት።

ሁለት ገጽ ግጥም ያለ ነው፤ ካንዱ ጫፍ እስካንዱ ጫፍ አንድ አንቀጽ። እኔን ለነጠላ ሰረዝ ሲገርፉኝ የነበሩ ሰውዬ እሳቸው መተንፈሻ ሳያበጁ ጽፈዋል። መክፈል ጀመርኩ። የተወለዱበት፣ አንድ ነጥብ። ዳዊት የደገሙበት፣ አንድ ነጥብ። ያስተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች፤ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ በበቅሎ ያስመጡበት፤ ትዳራቸው፤ ስድስቱ ልጆቻቸው በየስማቸው። ከዚያ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

"በሞላሌ ገበያ ሱፍ የምትፈትለው ልጄ ናት፤ በሕይወቴ ሳልናገረው የቀረሁትን በሞቴ ተናግሬያለሁ፤ የሰማ ሁሉ ምስክር ይሁናት።"

ስሟን ከነእናቷ ስም ጠርተዋታል። ከዚያ ሳይተነፍሱ ስለ አንድ ቀይ ፈረሳቸው ይቀጥላሉ።

አወቅኋት። በርኖስ ሠሪዎቹ ከሚቀመጡበት ጫፍ ላይ እንዝርቷን የምታሾር፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ጣቴ ቆመ። ከዚያ ደሞ ቀጠለ። አሥራ አምስት ነጥብ ወጣ። በዚያ ትልቅ ፊደል ገጹ ከስምንት ነጥብ በላይ አይችልም። ፈረሱን ጣልኩ። ቆርቆሮውን ጣልኩ። ትምህርት ቤቶቹን በአንድ አዋሃድኩ። በዕድርና በሰበካ ጉባኤ ያገለገሉትን በአንድ አዋሃድኩ። አንድ መስመር አለፈብኝ።

ትልቁ ልጃቸው ተመልሶ ከበሩ ላይ "አልቋል ወይ?" አለ።

ልጆች ከልጆች ጋር ይመሳሰላሉ፣ አይደል? ስድስት ሲደመር አንድ። የሁሉንም ስም ትቼ "የሰባት ልጆች አባት ነበሩ" ብዬ ጻፍኩ። ገጹ ልክ ገባ። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ማንንም አልጣልኩም፣ ሐዘን ቤትም አልበጠበጥኩም ብዬ ራሴን አወደስኩ። ያወጣኋቸው አሥራ አምስቱ ነጥቦች ላይ ነው የሠራሁት፤ ያጠረውን በላያቸው ላይ ሴቭ አረግሁና ጠፉ። ልጁ የታተመውን ነጥቆ ሮጠ። የእጅ ጽሑፉ እኔው ጠረጴዛ ላይ ቀረ፤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ተከትዬ ወጣሁ።

ደብሩ ግቢ ጉሙ ሰውን ግማሽ ግማሹን በልቶታል። እግር ይታያል፣ ፊት አይታይም። መሪጌታ ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ሲጀምሩ ከሴቶቹ ኋላ አየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ንባቡ ሲጀመር ከራሷ ላይ ገለጠችው፤ ጆሮዋን ያወጣች ነው የምትመስለው። ያኔ ገባኝ። ሴትዮዋ ታውቃለች። ስሟን ልትሰማ ነው የመጣችው።

መሪጌታ አራተኛው ነጥብ ላይ ደረሱ። "የሰባት ልጆች አባት ነበሩ።"

"ስድስት ነን" አለ ትልቁ ልጅ።

መሪጌታ ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት። "ሰባት ይላል።"

"ስድስት ነን መሪጌታ። አባቴን የማውቅ እኔ ነኝ።"

መሪጌታ በጉሙ ውስጥ ፈለጉኝና አገኙኝ። "አንት ልጅ፣ የጻፍከው አንተ አይደለህም? ሰባት ነው ስድስት?"

ሰው ሁሉ ዞረ። እሷም ዞረች። እኔ፣ ገበያውን በቀልድ የማናጋው፣ በኃላፊ የማሾፈው፣ አፌን ከፈትኩና፣

"ስድስት ነው። የትየባ ስሕተት ነው" አልኩ።

መሪጌታ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ሰርዘው ጻፉ። ወረቀት ላይ ሲፍቅ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። እሷ ነጠላዋን መልሳ ራሷ ላይ ጣለችው። አላለቀሰችም። አፈሩ ሲመለስ የነበረችበት ቦታ ላይ ጉም ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"የጻፍከው አንተ ነህ አሉ።"

"አዎ እትዬ። ግቢ።"

"አልገባም። እኔ የለሁበትም?"

መሳቢያውን ከፈትኩ። ሌላ ምን አረጋለሁ? ፊደል አትለይም፣ አነበብኩላት። "ድገመው" አለች። ደገምኩት። "ድገመው።" በሦስተኛው እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

"ገበያ እየመጣ የማይፈልገውን ክር ይገዛ ነበር" አለች። "'ታገሺኝ፣ ስሞት ስምሽ ይጠራል' ይለኝ ነበር። እኔ ርስት አልጠየቅሁት። ሰው ፊት አንዴ እንዲጠራኝ ነው። የቱ ጋ ነኝ?"

በጣቴ አሳየኋት። ከስድስቱ ልጆች በታች፣ ከፈረሱ በላይ። ከሱፏ ላይ አንድ ክር በጥሳ መስመሩ ላይ አስተኛች።

"ታዲያ እዚህ ከነበርኩ የት አደረስከኝ?"

"ገጹ ጠበበ እትዬ። ሰባቱ ውስጥ ነበርሽ እኮ፣ አዋህጄሽ ነው..."

"ሰባት ሲባል እኔ እታያለሁ?"

ዓይኔን ከክሩ ላይ አላነሳሁም።

"እሱንም ስድስት አልክ" አለች። "ወረቀቱስ ጠበበ እንበል። አፍህንስ ምን አጠበበው?"

በአስተማሪ ተገርፌያለሁ፣ በታጣቂ ተመትቻለሁ። እንደዚያች ቃል ያመመኝ የለም።

ወረቀቱን ከነክሩ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች። "ይኸን እኔ አላስነብብም። ለምኜ አልጠራም። አፍህ ያጠፋውን አፍህ ይመልሰው። አርባው ላይ እመጣለሁ" አለችና ሄደች።

እስከ አርባው ድረስ እንቅልፌ ሌላ ሆነ። ቀን እንኳ ሪፖርት ስጽፍ፣ ሁለት ነጥብ ባዋሃድኩ ቁጥር አንድ ሰው ከኋላዬ ነጠላውን የሚያዘቀዝቅ ይመስለኛል። ዞሬ አያለሁ። ጉም ነው።

የአርባው ዕለት ዳሱ ሞልቷል። እሷ መግቢያው ላይ፣ ግማሽ ውስጥ ግማሽ ውጭ ቆማለች። መሪጌታ ጸሎቱን ጨርሰው ሲቀመጡ ተነሣሁ።

"ሰባት ናቸው" አልኩ። "የትየባ ስሕተት አልነበረም። ስድስት ያልኩት ውሸቴን ነው። ሰባተኛዋ..."

"ይኸ ልጅ ጠላው በረታበት!" አለ አንዱ ከጥግ።

ሳቅ ሆነ። ስንት ጊዜ ነው እኔ በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ በገበያ ተነሥቼ ያሳቅኋቸው? ያንንም ቀልድ መሰላቸው። ትልቁ ልጅ ብቻ አልሳቀም፤ ትከሻዬን ይዞ ወደ መቀመጫው ጫነኝ። "ጠጣና ተቀመጥ" አለኝ በቀስታ። "አባቴን አታስቀልድበት።"

"አልቀለድኩም ጋሼ! እግዜር ያሳይዎ መሪጌታ፣ አልቀለድኩም!"

መሪጌታ በደከመ ዓይናቸው አዩኝ። "ጽሑፉስ?" አሉ።

ወደ መግቢያው ዞርኩ። እሷ እጇን ደረቷ ላይ አርጋለች፣ ወረቀቱ ካለበት ላይ። ታወጣዋለች ብዬ ጠበቅሁ። የሚስቁትን አንድ ባንድ አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ለምኜ አልጠራም ብላ የለ። እጇን አወረደች፣ ነጠላዋን ስባ ወጣች። ሮጬ ስደርስ አጥሩ ሥር ጉም ብቻ።

ገበያ ላይ ተመልሳ አልተቀመጠችም። ደብረ ብርሃን ወርዳለች የሚል አለ፣ ዓለም ከተማ አይቻታለሁ የሚልም አለ። ቦታዋ ላይ አንዲት ሴትዮ ሽንኩርት ዘረጋችበት።

ሥራውን ሳልተው ቆየሁ። አሳጥርልኝ የሚል ሲመጣ ግን እኔ አልጥልም። ነጥቦቹን አንድ ባንድ አነብለታለሁ፤ የሚቀረውን በገዛ አፉ "ይኸ ይቅር" እንዲል አረጋለሁ። ይሰለቹኛል፣ ይሰድቡኛል። ይስደቡ።

መሪጌታ የሰረዙት ወረቀት የት እንደገባ አላውቅም። ማሽኑ ውስጥ ያለው ፋይል ግን አልተሰረዘም። ጉም ሲወርድና ሰው ሲጠፋ እከፍተዋለሁ። አራተኛው ነጥብ "የሰባት ልጆች አባት ነበሩ" ይላል። ከሥሩ አንድ አዲስ ነጥብ አወጣለሁ፣ ስሟን ከነእናቷ ስም እጽፋለሁ። ያኔ የመጨረሻው መስመር ከገጹ ተገፍቶ ይወጣል፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ ብቻውን ይቆማል።

እኔው ማብቂያ አርጌ የጨመርኳት "በሞላሌ ተቀበሩ" የምትለዋ መስመር ናት። እዚያው ትቆም ብዬ እተዋታለሁ።